«ዕቃ የሚያመጣልን ሰው አለ» ሲሉን

ናይሮቢ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ይዞ የሐበሻ ምግብ ቤቶችን በር ያንኳኳ ሁሉ ይህችን መልስ ያውቃታል። ሁርሊንግሃም ሂዱ፣ ኪሊማኒ ሂዱ፣ ኢስሊ ግቡ፤ ባለቤቱ በትሕትና ቡና ይጋብዛችኋል፣ ስለ አገር ይጠይቃችኋል፣ ከዚያ ፈገግ ብሎ «አይ፣ እኛ እንኳ ዕቃ የሚያመጣልን ሰው አለ» ይላችኋል። ካምፓላም ጁባም ያሉ ወዳጆቼ ይህንኑ ይነግሩኛል። አብዛኞቻችን እዚህ ላይ ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ አመስግነን እንወጣለን፣ ወይ ደግሞ ያ ሰው የሚያመጣው ዕቃ ምን ጉድለት እንዳለበት መዘርዘር እንጀምራለን።

እኔ ሁለተኛውን ለረጅም ጊዜ ሳደርግ ስለነበር ዛሬ የምጽፈው እንደ አዋቂ ሳይሆን እንደ ተቀጣ ሰው ነው። ሐሳቤ አንድ ነው፦ ያ መልስ ሲመጣ ስለ ሌላው አቅራቢ አንዲት ቃል ሳንተነፍስ አንድ ድስት ብቻ እንጠይቅ። ግን አንድ ድስት መጠየቅም አያያዝ አለው፤ በግድየለሽነት ከተያዘ ስም ከማጥፋት ያልተናነሰ ያከስራል።

መጀመሪያ የራሴን ቅጣት ልናገር። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ኢስሊ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ለባለቤቱ በርበሬዬን አሳየሁት። ያችኑ መልስ መለሰልኝ። እኔም ወጥ ቤቱ በር ላይ የነበረውን ከረጢት አይቼ ስለነበር «ይሄ እኮ ባዕድ ነገር የገባበት ነው፣ ቀለሙን አይተኸዋል?» አልኩት። ሰውየው ዝም አለ። ቡናዬን እንኳ ሳልጨርስ ሥራ አለኝ ብሎ ተነሣ። ማታ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ራሱ አቅራቢው ነበር። ለካ የባለቤቱ ልጅ የክርስትና አባት ነው። ይባስ ብሎ የእኛ ዕቁብ አባል ሆኖ ተገኘ። ባዕድ ነገር ገብቶበታል ያልኩትን ማረጋገጥ አልችልም ነበር፤ በዓይን አይቼ የተናገርኩት ግምት ነው። ያንን በር ብቻ ሳይሆን ወሬው የደረሰባቸውን ሌሎች ሁለት በሮችም አጣሁ።

ከዚያ በኋላ ቆም ብዬ «ሰው አለን» የሚለው መልስ በውስጡ ምን እንደያዘ ለማየት ሞከርኩ። አንዳንዱ ጋ ዝምድና ነው። ብዙው ጋ ግን ዱቤ ነው። ምግብ ቤቱ የወሩን ዕቃ ወስዶ በወሩ መጨረሻ ይከፍላል፤ ብዙ ጊዜም ሳይጨርስ ሌላ ይወስዳል። ያ ቀሪ ዕዳ እያለ አቅራቢ መቀየር ማለት ዕዳውን ባንዴ ክፈል መባል ነው። ባለቤቱ ይህንን ለማያውቃት ነጋዴ አይነግራትም። ሦስተኛው ደግሞ ፍርሃት ነው፦ በርበሬ አልቆ ሰኞ ጠዋት ወጥ ሳይሠራ እንዳያድር መፍራት። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። አሁን ያለው አቅራቢ ዕቃው መካከለኛ ቢሆንም ዘጠኝ ዓመት ሳያቋርጥ መጥቷል። እኔ ግን ገና ከበር ነኝ።

ከእነዚህ አንዱንም ስለ ሌላው ዕቃ ክፉ በመናገር መፍታት አይቻልም። እንዲያውም ስናጣጥል የምንነካው አቅራቢውን አይደለም፤ ያንን አቅራቢ የመረጠው፣ ለዓመታት ከእሱ የገዛውና ለእንግዶቹ ያቀረበው ባለቤቱ ራሱ ነው። «መጥፎ በርበሬ ትገዛለህ» ማለት «በርበሬ አታውቅም» ማለት ነው። ስለዚህ ሰውየው አቅራቢውን መከላከል ይጀምራል፤ አንዴ ከተከላከለ ደግሞ በኋላ የእኛ ዕቃ ቢጥመው እንኳ ቃሉን ማጠፍ ያፍራል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ከስንት ዓመት በኋላ በዚሁ በናይሮቢ ሌላ ምግብ ቤት ያደረግሁትን በዝርዝር ልንገራችሁ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። በርበሬና ሽሮ እንደማመጣ ስነግራቸው እንደተለመደው፣

«አይ ልጄ፣ እኛ እንኳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚያመጣልን ልጅ አለ» አሉኝ።

«ዘጠኝ ዓመት ካመጣላችሁ ጥሩ ሰው ነው ማለት ነው ጋሼ፤ እሱን ይተዉ አልልም» አልኳቸው። «በቀን ስንት ድስት ቁሌት ትሠራላችሁ?»

«ሁለት ትልልቅ።»

«እንግዲያው ለአንድ ሳምንት ከሁለቱ አንዱን ድስት በእኔ በርበሬ ይሥሩልኝ። ሌላው በእሱ ይሁን። ካልጣማችሁ ቅዳሜ የተረፈውን መዝኜ እወስዳለሁ፣ ገንዘቡንም እመልሳለሁ።»

ልብ በሉ፣ የጠየቅኳቸው እምቢ ለማለት የሚያስቸግር ትልቅ ነገር አይደለም። ዱቤው አልተነካም፣ ዝምድናው አልተነካም፣ በርበሬ አልቆብን እናድራለን የሚለው ፍርሃትም አልተነካም፤ ምክንያቱም የድሮው ከረጢት እዚያው ቆሟል። «የጥንቱ ይሻላል» ብለው ለመተው ሁሉም በር ክፍት ነው። ሰውየው ጺማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ወጥ ሠሪዋን አናግሪያት» አሉኝ።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ገንዘቡን የሚከፍለውና በርበሬውን የሚፈርደው ሁለት ሰው ነው። ባለቤቱ እሺ ብሎ ወጥ ሠሪዋ ካልወደደች ሙከራው ሳይጀመር ሞቷል፤ በርበሬዋን ጨመር ቀነስ አድርጋ «አይሆንም» ማለት ለእሷ ምንም አይደለም። ስለዚህ ወጥ ቤት ገብቼ ከእትዬ ጋር ተቀመጥኩ፤ የሽንኩርቱ ልጣጭ እስከ ጉልበታችን ነበር። በአንድ ድስት ስንት ሽንኩርት፣ ስንት በርበሬ እንደሚገባ ጠየቅኳቸው። ሽንኩርቱ 10 ኪሎ ነው አሉኝ። በርበሬውን ግን በኪሎ አያውቁትም፤ «በዚህች ሳህን ሁለት» ብለው አሳዩኝ። ሳህኗን ሚዛን ላይ አስቀምጠን ስንለካ ሁለቱ ሳህን 1 ኪሎ ከ200 ግራም ያህል ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሙከራ የሚበላሸው በመጠኑ ነውና። ድሮ ግማሽ ኪሎ በላስቲክ አስሬ በነጻ እሰጥ ነበር። ግማሽ ኪሎ ለምግብ ቤት ድስት አይበቃም፤ ስለዚህ ከድሮው ጋር ተቀላቅሎ ይገባል ወይም ባለቤቱ ቤቱ ይወስደዋል። በነጻ የተሰጠ ነገር ደግሞ ማንም አይከታተለውም። በሳምንቱ ሄጄ «እንዴት ነበር?» ስል «ጥሩ ነበር፣ እግዜር ይስጥልን» ይሉኛል፤ በዚያው ያልቃል። በሌላ በኩል 50 ኪሎ ውሰዱ ማለት ሙከራ መሆኑ ቀርቶ ሽያጭ ነው፤ ሰውየውም ይህንን ያውቃል። ልኩ የቤቱ አንድ ሙሉ ዙር ነው። ለእነዚህ ሰዎች ዙሩ ሳምንት ነበር፦ ረቡዕና ዓርብ የጾም ወጥ አለ፣ በሌላው ቀን ሥጋና ዶሮ አለ፣ ቅዳሜ ኬንያውያን እንግዶች ይበዛሉ። በርበሬ ለምስር የሚያምረውን ያህል ለዶሮ ላያምር ይችላል። እሑድ ስለሚዘጉ ስድስት ቀን ነው፤ ስድስት ድስት፣ በእነሱ ልክ 7 ኪሎ ገደማ። 7 ኪሎ ሸጥኩላቸው። ሸጥኩ ያልኩት ገንዘቡን በእጄ ስለተቀበልኩ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ ሌላ ነገር አለ። «ለሙከራ ስለሆነ» ብሎ ዋጋ መቀነስ የሚቀና ይመስላል። ግን ሁለተኛው ትዕዛዝ ላይ ዋጋው ሲወጣ ሰውየው እንደተታለለ ይቆጥረዋል፤ ልክም ነው። የእኔ በርበሬ ከዚያኛው ይወደድ ነበር። የሽልንጉን ዋጋ እዚህ አልጽፍም፣ በየወሩ ስለሚለዋወጥ፤ የእሱ 100 ቢሆን የእኔ 115 ነበር ብላችሁ ያዙት። ይህንኑ በግልጽ ነገርኳቸው። ዋጋው የሚጸናበትን ጊዜም ነገርኳቸው፤ በርበሬ ከመኸር በኋላ ገበያ ሲሞላ የሚገዛበትና ክረምት ላይ የሚገዛበት ዋጋ አንድ አይደለምና ጥር ላይ የተናገርነውን ነሐሴ ላይ ጠብቁልን ካሉን እንከስራለን።

ከዋጋው ጋር የተያያዘው ነገር መንገዱ ነው፤ ይህንን በተለይ ለድንበር ነጋዴ እላለሁ። የሙከራውን 7 ኪሎ በዘመድ ሻንጣ፣ በአውቶቡስ መንገደኛ እጅ ማስመጣት ይቻላል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። ግን የሞከርነው ነገር በኋላ የምናቀርበው ነገር አይሆንም። ትዕዛዙ ሲያድግ ዕቃው በሞያሌ በኩል፣ በጉምሩክ፣ በወረቀቱ ማለፍ አለበት፤ ያኔ ዋጋውም ቀኑም ይለወጣል። ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገሮች የጋራ መቆጣጠሪያ ጣቢያ በ2020 እ.ኤ.አ. በይፋ ከተከፈተ ወዲህ አሠራሩ አንድ ጣሪያ ሥር ቢሆንም ወረቀቱ ያልተሟላ ዕቃ ዛሬም ይቆማል። ስለዚህ የሙከራውን ዕቃ የማነሣው በሕጋዊ መንገድ ገብቶ ናይሮቢ መጋዘን ካለኝ ክምችት ብቻ ነው። መጋዘን ውስጥ ቢያንስ የአንድ ወር ተኩል ዕቃ ከሌለኝ ሙከራ አልጠይቅም። ሙከራው ቀንቶኝ «አምጪ» ሲሉኝ «ሁለት ሳምንት ጠብቁኝ» ካልኩ ያ የፈሩት ነገር በዓይናቸው ታያቸው ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት 7 ኪሎውን አደረስኩ። ማታ ደወልኩ። እትዬ ተቆጥተዋል፦ «ወጡ ጨው ሆነብን!»

ደነገጥኩ። ሮጬ ሄድኩ። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ የእኔ በርበሬ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከኮረሪማው፣ ከበሶብላው፣ ከጥቁር አዝሙዱ ጋር ጨውም አብሮት የተፈጨ ነው፤ በብዙ ቤት እንደሚደረገው። ያኛው አቅራቢ የሚያመጣው ግን ጨው የሌለው ነው። እትዬ እንደ ልማዳቸው ጨው ጨመሩ፤ በእኔ በርበሬ ውስጥ ያለው ሲደመርበት የቀኑ ወጥ ተበላሸ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መጠየቅ ነበረብኝ። አሁን ሙከራ ስጀምር ከሁሉ በፊት የምጠይቀው «በርበሬያችሁ ጨው አለው?» ብዬ ነው። እንዲሁም አስፈጫጨቱን አያለሁ፤ በሳህን የሚለካ ሰው ዘንድ የላመና ሻካራ በርበሬ እኩል ሳህን ሆነው እኩል አይመዝኑም።

ያን ማታ አንድ ፈተና ነበረብኝ። አፌ ላይ የመጣው «የእናንተው በርበሬ ጨው የሌለው ስለሆነ ነው» ማለት ነበር። እውነት ነው፤ ግን እንዲያ ብል ጥፋቱን ወደ ሌላው ሰው መወርወሬ ነው። «ሳልጠይቅ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ የዛሬውን ድስት በርበሬ አልቆጥረውም» አልኩና ለነገ ጨው ሳይጨምሩ እንዲጀምሩ፣ መጨረሻ ላይ ቀምሰው እንዲያስተካክሉ ተስማማን። ባለቤቱ አጠገባችን ቆመው ይሰሙ ነበር።

ከማክሰኞ ጀምሮ ሥራው መስመር ያዘ። ሁለተኛው ቀን ላይ እትዬ ራሳቸው «ይሄ ያቃጥላል፣ ሁለት ሳህን አይፈልግም» ብለው ቀነሱት፤ ስንመዝነው 1 ኪሎ ያህል ሆነ። ቅዳሜ ማታ ሚዛኔን ይዤ ሄድኩ። «ወደዳችሁት ወይ?» ብዬ አልጠየቅኩም፤ ለዚህ ጥያቄ ያገሬ ሰው መልሱ ሁሌም «ጥሩ ነው» ነው። የጠየቅኩት «ስንት ተረፈ?» ብዬ ነው። 800 ግራም ተረፈ። ሰኞ 1 ኪሎ ከ200፣ ከዚያ አምስት ቀን በቀን 1 ኪሎ፤ ሒሳቡ ይገጥማል። ይህ መግጠሙ ራሱ ምስክር ነው፤ ባይገጥም ወይ ሌላ ድስት ውስጥ ገብቷል ወይ ተቀላቅሏል ማለት ነበርና ሙከራው አይቆጠርም ነበር።

ከዚያ ከባለቤቱ ጋር ዋጋውን በኪሎ ሳይሆን በድስት አየነው። በእሱ በርበሬ አንድ ድስት 1 ኪሎ ከ200 በ100 ሒሳብ 120 ይሆናል። በእኔ 1 ኪሎ በ115፣ 115 ነው። ጋሼ ሳቁና፣

«ይሄማ እኩል ነው ልጄ፤ አምስት ምን ትሆናለች» አሉኝ።

«እኩል ነው ጋሼ» አልኩ። ምን እላለሁ? እኩል ነው። በኪሎ ውድ የመሰለው በድስት ውድ አለመሆኑን ማየታቸው ይበቃኝ ነበር።

ሽሮውንስ? ከበርበሬው ጋር 3 ኪሎ ሽሮ አብሬ ሰጥቼ ነበር፤ ይህም ስሕተት ነው፤ ሁለት ነገር ባንዴ ሲሞከር ትኩረቱ ይከፈላል። እትዬ ስለ ሽሮው አልተደበቁም፦ «የሱ ይበልጣል።» ቀመስኩት። የእኔ አተር የበዛበት ነው፤ የእሱ ሽምብራው የጎላ፣ ድስት ላይ ቶሎ የሚጠነክር፣ እንግዶቻቸው የለመዱት ነው። «እውነትዎን ነው፤ ሽሮውን ከሱ ይውሰዱ» አልኩ። ይህንን የተናገርኩት ለብልጠት አይደለም፤ ምላሴ ስለመሰከረ ነው። ግን ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ስለ በርበሬው የምናገረውን ሁሉ በሌላ ጆሮ የሰሙኝ ይመስለኛል።

ውሳኔያቸው ይህ ሆነ፦ ከሁለቱ ድስት አንዱ በእኔ በርበሬ ይቀጥላል፤ በሳምንት 6 ኪሎ። ሌላውና ሽሮው በሙሉ በቀድሞው ሰው ይቆያል። ክፍያው በየ15 ቀኑ። ብዙ ነጋዴ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው «በሳምንት 6 ኪሎ? ለዚህ ነው የደከምሽው?» ይሉኛል። እኔ ግን ግማሹን በመውሰዴ ነው በሩ ያልተዘጋብኝ ብዬ አምናለሁ። ሙሉውን ብጠይቅ ኖሮ ዕዳው ይነሣል፣ ያ ሰውም ይጣላል፣ ባለቤቱም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰላሙን መርጦ ይመልሰኝ ነበር።

አሁን ብዙ ሰው ስለማይነግራችሁ ነገር። ሙከራ ሲቀና አደጋው የሚመጣው አራተኛውና አምስተኛው ጭነት ላይ ነው። ለሙከራ ምርጡን ሰጥቶ በኋላ ያገኘውን የሚያመጣ ሞልቷል፤ ሆን ብሎ ባይሆንም ይሆናል። ሃላባ የተገዛ ዛላና ማረቆ የተገዛ ዛላ ቅመሙ አንድ ቢሆን እንኳ ድስት ላይ አንድ አይሆንም፤ የወፍጮውም፣ የአደራረቁም ነገር አለ። ስለዚህ የሙከራው ዕለት ከዚያው ከረጢት ሁለት ግማሽ ኪሎ አሽጌ አንዱን ለእትዬ፣ አንዱን ለራሴ ብርሃን በማያይበት ቦታ አስቀመጥኩ፤ በርበሬ ብርሃን ካገኘው ቀለሙ ይሄዳል። በአምስተኛው ጭነት እትዬ «ይሄ የኛ አይደለም» አሉ። ያችን እሽግ ከፈትንና ጎን ለጎን በነጭ ሳህን ላይ በተንነው። አዲሱ ደብዛዛ ነበር፤ በእጅ ሲጨበጥም ትንሽ ይያያዛል፣ እርጥበት አለው ማለት ነው። እርጥበት ያለው በርበሬ መጋዘን ውስጥ ይሻግታል። ጭነቱን ከቤታቸው አንሥቼ ካለኝ ከቀድሞው ከረጢት ተካሁላቸው። ያች እሽግ ባትኖር ኖሮ «ያው ነው» «አይደለም» እየተባባልን እንቀር ነበር።

ይህ አካሄድ የማይሠራበትም ቦታ አለ። ዕዳው ከባድ የሆነበት ቤት ውስጥ ባለቤቱ አንድ ድስት እንኳ መስጠት አይችልም፤ አቅራቢው ወጥ ቤት ገብቶ የሌላ ሰው ከረጢት ካየ ገንዘቡን ይጠይቃል። ይህ የሚታወቀው ሰውየው ዕቃውን ወዶ፣ ዋጋውን ተስማምቶ፣ ቀኑን ግን ሁሌ ሲያስተላልፍ ነው። እንዲያ ዓይነት ቤት ሦስት ጊዜ ከሄድኩ በኋላ እተወዋለሁ፤ ማስጨነቅ የሰውየውን ገመና እንደ መግለጥ ይሆናል። ሌላው ደግሞ አብይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። ያን ጊዜ የሽሮና የበርበሬ ፍጆታ ስለሚጨምር ሰው አዲስ ነገር ለመሞከር ፋታ የለውም። ከጾሙ አንድ ወር ቀደም ብሎ መሄድ ይሻላል።

እንግዲህ ነገሩ ሁለት ወገን አለው። ከእኛ ብዙዎቻችን በአንዱ ቤት አዲስ ገቢ፣ በሌላው ቤት ደግሞ የቆየን አቅራቢ ነን። የእኔ ደንበኛ ቤትም አንድ ቀን የሌላ ሰው 7 ኪሎ ቆሞ አገኛለሁ። ያኔ የሚያናድድ ነው፤ አልዋሽም። ግን ወጥ ቤት ገብቼ የሰውን ከረጢት ማሽተት ጀምሬ «ይሄ ምንድን ነው?» ካልኩ ያው ኢስሊ ላይ የሠራሁትን በሌላ በኩል ደገምኩት ማለት ነው። ይልቅ ሚዛን አምጥተን አብረን እንለካ ብል ይሻለኛል።

ያ የጋሼ የቆየ አቅራቢ ነገሩን መስማቱ አልቀረም። ባለቤቱ ራሳቸው ነገሩት፤ «አንዲት ልጅ አንድ ድስት ለመነችኝ፣ ስላንተ ግን ክፉ አልወጣትም» ብለውት። ደውሎ አልተጣላኝም። ባለፈው ክረምት ጭነቱ ሞያሌ ላይ በወረቀት ጉዳይ ሲቆም ጋሼ «እጥፍ ልታመጪልን ትችያለሽ?» ሲሉኝ ለሁለት ሳምንት 12 12 ኪሎ አደረስኩ፤ በዚያው ዋጋ። በሦስተኛው ሳምንት ዕቃው ሲለቀቅ ወደ 6 ኪሎዬ ተመለስኩ። አንድ ቀን ወጥ ቤቱ በር ላይ ተገናኘን፤ እሱ ከረጢቱን ሲያወርድ እኔ ሚዛኔን ይዤ። ሰላምታ ተለዋወጥንና ሽሮውን ከየት እንደሚያስፈጭ ጠየቅኩት። ሳቀ እንጂ አልነገረኝም።